በጆሮ የሚነበብ ካሩሰል፦ ተለዋጭ ጽሑፍ፣ የንባብ ቅደም ተከተልና የቀለም ንፅፅር

ካሩሰል በአንድ የማኅበራዊ ሚዲያ ልጥፍ ውስጥ ተደርድረው፣ አንባቢው በጣቱ ወደ ጎን እየገፋ አንድ በአንድ የሚያያቸው ስላይዶች ስብስብ ነው። ኢንስታግራም ይህን አቀራረብ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲጀምር አንድ ልጥፍ እስከ 10 ምስል ይይዝ ነበር፤ በ2024 ቁጥሩ ወደ 20 ከፍ ብሏል። መጀመሪያ ላይ የጉዞና የሠርግ ፎቶ መደርደሪያ የነበረው ካሩሰል ዛሬ የጤና ምክር፣ የምዝገባ ማስታወቂያ፣ የሕግ ማብራሪያና የሥራ ቅጥር መረጃ የሚተላለፍበት ሆኗል። ስለዚህ አብዛኛው ስላይድ ፎቶ ብቻ አይደለም፤ በላዩ ላይ ጽሑፍ አለው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በስላይዱ ላይ ያለው ጽሑፍ ለዓይን ጽሑፍ ቢሆንም ለስልኩ ግን የምስሉ አካል ነው። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ስልካቸውን የሚጠቀሙት ስክሪን ሪደር በሚባል ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍና ቁልፍ በድምፅ ያነባል፤ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ TalkBack፣ በአይፎን ላይ VoiceOver ይባላል። ይህ ፕሮግራም የሚያነበው እንደ ጽሑፍ የገባውን ነው። በምስል ውስጥ የተቀመጠ ፊደል ላይ ሲደርስ፣ ከምስሉ ጋር ሌላ ጽሑፍ ካልተያያዘ በስተቀር ብዙ ጊዜ የተጻፈውን በትክክል ሊናገር አይችልም።

ያ ከምስሉ ጋር የሚያያዘው ጽሑፍ ተለዋጭ ጽሑፍ ይባላል። ለሚያየው ሰው አይታይም፤ ስክሪን ሪደሩ ግን ምስሉ ላይ ሲደርስ ያነበዋል። ኢንስታግራም ተጠቃሚው ይህን ጽሑፍ ራሱ እንዲጽፍ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ነው። ልጥፉ ከመለቀቁ በፊት በተጨማሪ ማስተካከያዎቹ ውስጥ Write alt text የሚል ቦታ ይገኛል። ካሩሰል ሲሆን እያንዳንዱ ስላይድ የየራሱ መጻፊያ አለው፤ ለመጀመሪያው የተጻፈው ለሌሎቹ አያገለግልም። ልጥፉ ከወጣ በኋላም ማረሚያው ተከፍቶ ሊጨመር ይችላል። ቦታው ባዶ ከቀረ መድረኩ በራሱ ግምት “ጽሑፍ ያለበት ምስል ሊሆን ይችላል” ዓይነት አጠቃላይ መግለጫ ያስቀምጥ ይሆናል። እንዲህ ያለው ግምት ጽሑፍ መኖሩን ከመጠቆም አልፎ የተጻፈው ምን እንደሆነ ላይናገር ይችላል።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ መመልከት ይቻላል። ስድስት ስላይዶች ያሉት፣ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እንዴት እንደሚዘጋጅ የሚያስረዳ ካሩሰል አለ እንበል። የመጀመሪያው ርእሱንና ልጇን በኩባያ የምታጠጣ እናት ፎቶ ይዟል። ሁለተኛው እጅን በሳሙና መታጠብን፣ ሦስተኛው 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ መለካትን፣ አራተኛው ዱቄቱን በውሃው መበጥበጥን ያሳያሉ። አምስተኛው ለየዕድሜው የሚሰጠውን መጠን በሠንጠረዥ ያቀርባል። ስድስተኛው የተበጠበጠው በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ እንዲደፋ ያሳስብና ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ ያለበት መቼ እንደሆነ ይዘረዝራል። ለዚህ ጉዳይ ትክክለኛነት ወሳኝ ነው። ለ1 ሊትር የተዘጋጀው ፓኬት በግማሽ ሊትር ውሃ ከተበጠበጠ ጨዉ ይበዛና ሕፃኑን ሊጎዳ ይችላል። አንድ ቁጥር ያመለጠው አድማጭ መልእክቱ ደረሰው ማለት አይቻልም።

የተለዋጭ ጽሑፍ ዋና መለኪያ ስላይዱ የሚሠራውን ሥራ መተካቱ ነው። ምስሉ ምን ይመስላል የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ለአራተኛው ስላይድ “ስላይድ 4” ወይም “የሕይወት አድን አዘገጃጀት” ብሎ መጻፍ ቦታውን ይሞላል እንጂ ለአድማጩ ምንም አይሰጥም። “ነጭ ዱቄት፣ ሰማያዊ ጆግና ቢጫ ዳራ ያለበት ውብ ሥዕል” የሚለው ደግሞ ረጅም ሆኖም ዋናውን መመሪያ ትቶታል። ሥራውን የሚሠራው እንዲህ ያለው ነው፦ “ደረጃ 3። የአንዱን ፓኬት ዱቄት በሙሉ በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ጨምሮ እስኪሟሟ ማማሰል። ሥዕሉ ላይ ዱቄት ከተቀደደ ፓኬት ወደ ጆግ ይፈሳል።” በመጀመሪያ በስላይዱ ላይ የተጻፈው ቃል በቃል ተቀምጧል። ቀጥሎ ሥዕሉ የሚጨምረው ነገር በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ተነግሯል። የጆጉ ቀለም አልተነሳም፤ መድኃኒቱን ለመበጥበጥ አይጠቅምምና።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ልማዶች ይወጣሉ። የመጀመሪያው “ይህ የሚያሳየው ምስል” ብሎ አለመጀመር ነው፤ ስክሪን ሪደሩ ምስል መሆኑን ራሱ ስለሚናገር አድማጩ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ይሰማል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርን ማሳጠር ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ የሚያይ ሰው ዓይኑን ወደ ኋላ መልሶ የሚረዳውን ረጅም ዓረፍተ ነገር የሚሰማ ሰው እስከ ማሰሪያው ድረስ በጆሮው ተሸክሞት መጠበቅ አለበት። “ከታጠበና ተፈልቶ ከቀዘቀዘ ውሃ ጋር በንጹሕ ዕቃ ውስጥ ተጨምሮ የሚበጠበጠው ዱቄት” ከሚለው ይልቅ “ውሃውን ማፍላት። ማቀዝቀዝ። በንጹሕ ዕቃ 1 ሊትር መለካት።” የሚለው በአንድ ጊዜ ይገባል።

የፎቶው አገላለጽም በስላይዱ ዓላማ ይወሰናል። በመጀመሪያው ስላይድ ላይ ያለችው እናት የተመረጠችው መድኃኒቱ በኩባያ ጥቂት በጥቂት እንደሚሰጥ ለማሳየት ከሆነ፣ “እናት ሕፃን ልጇን በኩባያ ስታጠጣ” ማለት በቂ ነው። ፊቷ ላይ ስለሚነበበው ስሜት፣ ስለ ብሔሯ ወይም ስለ ሃይማኖቷ መገመት አያስፈልግም። ልብሱ ወይም ቦታው የጉዳዩ አካል ሲሆን ግን ይነገራል። በባህል አልባሳት ላይ የሚያተኩር ካሩሰል ውስጥ “የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት” ብቻ ማለት ያንሳል፤ ጥለቱና የጥልፉ ቦታ ዋናው ወሬ ነውና መገለጽ ይኖርበታል። ያው ፎቶ በሌላ ካሩሰል ውስጥ ሌላ ተለዋጭ ጽሑፍ ሊኖረው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አጻጻፉ በድምፅ እንደሚነበብ ማሰብም ያስፈልጋል። ለዓይን የተመቹ ምሕፃረ ቃላት ለጆሮ ይሰናከላሉ። “ጤ/ጣቢያ” የሚለውን የሚያይ ሰው ጤና ጣቢያ ብሎ ያነበዋል፤ ማሽኑ ግን “ጤ” ብሎ፣ ምናልባትም የጭረቱን ስም ጠርቶ፣ “ጣቢያ” ይላል። “ሚ.ሊ.” የሚለውም “ሚሊ ሊትር” ተብሎ ሙሉውን ቢጻፍ ይሻላል። በአራት ነጥብ ፋንታ ሁለት ጊዜ የሚመታው “::” አድማጩን ከማሳረፍ ይልቅ የምልክቱን ስም ሊያሰማው ይችላል፤ ትክክለኛው “።” ለዚህ ተመራጭ ነው። በየመስመሩ መጀመሪያ የሚደረደሩ ስሜት ገላጭ ምስሎችም እያንዳንዳቸው በስማቸው ስለሚነበቡ ቁጥራቸው ባነሰ መጠን መልእክቱ ቶሎ ይደርሳል።

ቋንቋውም ራሱን የቻለ ገደብ አለው። ስክሪን ሪደር አማርኛን የሚያነበው የአማርኛ ድምፅ ካለው ብቻ ነው። በዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ በነፃ የሚሠራው NVDA አብሮት የሚመጣው eSpeak NG የተባለው የድምፅ ፕሮግራም አማርኛን ያነባል፤ ድምፁ የማሽን ቢሆንም ቃላቱ ይለያሉ። አማርኛ ድምፅ የሌለው ስልክ ግን የግዕዝ ፊደሉን ሊዘለው ይችላል። ይህን የስላይዱ አዘጋጅ ሊያስተካክለው አይችልም። ሆኖም ጽሑፉ በትክክል እስካልገባ ድረስ የተሻለ ድምፅ ያለው አድማጭም አይጠቀምም።

ቀጣዩ ጉዳይ የንባብ ቅደም ተከተል ነው። የሚያይ ሰው ስላይድን በአንድ እይታ ይቃኛል፤ ትልቁን ርእስ፣ ከዚያ ቁጥሮቹን፣ ከዚያ ሥዕሉን ያያል፤ ከፈለገም ይመለሳል። የሚሰማ ሰው ግን በአንድ መስመር ላይ ነው፤ የቀደመው ቀድሞ፣ የተከተለው ተከትሎ ይደርሰዋል። ስለዚህ በምስል ካሩሰል ውስጥ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ተለዋጭ ጽሑፉን የጻፈው ሰው ነው። የአምስተኛው ስላይድ ሠንጠረዥ ጥሩ ማሳያ ነው። በግራ ዓምድ ዕድሜ፣ በቀኝ ዓምድ መጠን ተቀምጧል። ዓምድ በዓምድ ከተጻፈ አድማጩ “ከ2 ዓመት በታች፣ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ከ50 እስከ 100፣ ከ100 እስከ 200” ይሰማና የትኛው መጠን የማን እንደሆነ ራሱ ማዛመድ ይኖርበታል። ረድፍ በረድፍ ሲሆን ግን፦ “ተቅማጥ በወጣው ቁጥር የሚሰጥ መጠን። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር። 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር።” እዚህ ላይ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻውን የተሟላ ነው።

በስላይዶቹ መካከል ያለው ቅደም ተከተልም መነገር አለበት። ለዓይን ከሥር የሚታዩት ትናንሽ ነጥቦች ስንተኛው ስላይድ ላይ እንደተደረሰ ያመለክታሉ። በጆሮ ለሚከታተል ሰው “ደረጃ 1”፣ “ደረጃ 2” የሚል ቁጥር በተለዋጭ ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ሲገባ ያለበትን ያውቃል፤ አንዱን ስላይድ ዘሎ እንደሆነም ይገባዋል። አንድን ዓረፍተ ነገር በአንድ ስላይድ ላይ ጀምሮ በሚቀጥለው መጨረስ፣ ለዓይን የጉጉት ዘዴ ቢሆንም፣ ለሚሰማው ሰው የተቆረጠ ንግግር ነው። በሁለቱ መካከል የገጹ ቁልፎችና ስሞች ሊነበቡ ይችላሉና።

ስላይዱ ብዙ ጽሑፍ ካለው ሁሉንም በተለዋጭ ጽሑፍ ውስጥ ማጨቅ አይመከርም። ተለዋጭ ጽሑፍ አንቀጽና ርእስ የለውም፤ አድማጩም በመካከሉ ቆሞ አንድ ቃል ለመድገም ይቸገራል። ለዚህ የሚሻለው ሙሉውን መመሪያ ከልጥፉ ሥር በሚጻፈው መግለጫ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ኢንስታግራም ለመግለጫው እስከ 2,200 ቁምፊ ይፈቅዳል። ያን ጊዜ የስላይዱ ተለዋጭ ጽሑፍ ፍሬ ነገሩን ተናግሮ “ሙሉው ከሥር በመግለጫው ይገኛል” ሊል ይችላል። ይህ ዘዴ ማየት ለሚችሉትም ይረዳል፤ ከመግለጫው ላይ የተጻፈ ወደ ሌላ ቋንቋ ይተረጎማል፣ ይፈለጋል፣ በትልቅ ፊደልም ይነበባል።

በሊንክድኢን ላይ ካሩሰል ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው እንደ PDF ሰነድ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰነድ በኢሜይልና በቴሌግራምም ይላካል። PDF በውስጡ እውነተኛ ጽሑፍ ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህም ቅደም ተከተሉ በሰነዱ ውስጥ ይወሰናል። ስላይዱ በፓወርፖይንት ከተሠራ የሚነበበው ዕቃዎቹ በተደራረቡበት ቅደም ተከተል ነው፤ ከሥር ያለው ቀድሞ፣ ከላይ የተጨመረው መጨረሻ። አዘጋጁ አራቱን የቁጥር ክቦች አስቀድሞ ሠርቶ ጽሑፎቹን በኋላ ከጨመረ አድማጩ “1፣ 2፣ 3፣ 4” ከሰማ በኋላ አራቱን መመሪያዎች ተከታትለው ይሰማል። ርእሱ በመጨረሻ ተጨምሮ ከሆነም በመጨረሻ ይነበባል። በ Selection Pane ውስጥ ዝርዝሩ ከታች ወደ ላይ ስለሚነበብ ርእሱ ከሁሉ ሥር እንዲሆን ማድረግ ነገሩን ያስተካክላል።

በአማርኛ PDF ላይ ሌላ የተደበቀ ችግር አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ኮድ ተውሰው በላዩ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ያለብሱ ነበር፤ አንዳንዶቹ ዛሬም በማተሚያ ቤቶችና በቢሮዎች ይሠራባቸዋል። በእነዚህ የተጻፈ ሰነድ ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ ማሽኑ የሚያገኘው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ይህን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፦ ከ PDF ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድቶ በስልክ የመልእክት መጻፊያ ውስጥ መለጠፍ። አማርኛው እንዳለ ከወጣ ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው፤ ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ከወጣ ሰነዱ በዩኒኮድ ፎንት እንደገና መጻፍ አለበት።

የቀለም ንፅፅር የሚመለከተው ጥቂትም ቢሆን የሚያዩ ሰዎችን ነው፤ ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን፣ ቀለም የመለየት ችግር ያለባቸው፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ስልክ የሚያዩ ሁሉ በዚህ ውስጥ ናቸው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያዎች፣ በተለምዶ WCAG የሚባሉት፣ በጽሑፉና በዳራው መካከል ያለውን የብርሃን ልዩነት በቁጥር ይለካሉ።

```
(L1 + 0.05) / (L2 + 0.05)
```

እዚህ ላይ L1 የብርሃናማው ቀለም፣ L2 የጨለማው ቀለም የብርሃን መጠን ነው፤ ነጭ 1፣ ጥቁር 0 ነው። ስለዚህ በጥቁር ላይ ያለ ነጭ 1.05 ለ0.05 ሲካፈል 21 ይሰጣል፤ ከዚህ የሚበልጥ ንፅፅር የለም። ለተራ ጽሑፍ የተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 4.5 ሲሆን ለትልቅ ጽሑፍ 3 ነው። ስሌቱን በእጅ መሥራት አያስፈልግም፤ ሁለቱን የቀለም ኮዶች ሲቀበሉ ውጤቱን የሚሰጡ ነፃ መለኪያዎች በኢንተርኔት ላይ አሉ።

“ትልቅ” የሚባለው አንባቢው በሚያየው መጠን 24 ፒክስል የሆነ ፊደል ነው። ካሩሰል ላይ እዚህ ጋ ስሕተት ይፈጠራል። ስላይዱ የሚሠራው 1,080 ፒክስል ስፋት ባለው ሸራ ላይ ነው፤ 390 ያህል ስፋት ባለው የስልክ ስክሪን ላይ ሲታይ ወደ 2.8 ጊዜ ገደማ ያንሳል። በኮምፒውተር ላይ 36 የነበረው ፊደል በስልክ 13 ይሆናል። በእጅ ላይ እውነት ትልቅ እንዲሆን በሸራው ላይ 66 ገደማ መሆን አለበት። ለአማርኛ ይህ ጠበቅ ያለ ጉዳይ ነው። “ለ”ን ከ“ሉ” እና ከ“ሊ” የሚለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናትና ፊደሉ ሲያንስ ወይም ቀለሙ ሲደበዝዝ መጀመሪያ የምትጠፋው እርሷ ናት። ቃሉም ከእርሷ ጋር ይለወጣል።

በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሚሠሩ ስላይዶች በኢትዮጵያውያን ገጾች ላይ ብዙ ስለሆኑ ቁጥሮቻቸውን ማወቅ ይጠቅማል። ደማቅ ቢጫ `#FFFF00` በነጭ ላይ 1.07 ብቻ ነው፤ ማለትም የማይነበብ። ቀይ `#FF0000` በአረንጓዴ `#008000` ላይ 1.28 ነው፤ ሁለቱ ቀለሞች ለብዙ ዓይን ቢለያዩም የብርሃን መጠናቸው ተቀራራቢ ነው። ቢጫው በዚያው አረንጓዴ ላይ 4.78 ደርሶ ልኩን ያልፋል፤ ነጭም በአረንጓዴው ላይ 5.14 ነው። ቀለሞቹን መተው አይጠበቅም፤ የትኛው ዳራ የትኛው ፊደል እንደሚሆን መምረጥ ይበቃል።

በፎቶ ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ ደግሞ የተለየ ነው፤ ፎቶው በአንድ ጥግ ጨለማ፣ በሌላው ብርሃን ነው። በእናቲቱ ፎቶ ላይ ነጭ ርእስ ተጽፎ ግማሹ በነጭ ነጠላዋ ላይ ቢያርፍ ያ ግማሽ ይጠፋል። መለካት ያለበት የፎቶው ብሩህ ቦታ ነው። በጽሑፉና በፎቶው መካከል ጥቁር ሽፋን ማስገባት የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ልኩ ይታወቅ። በንጹሕ ነጭ ላይ የተደረገ 40 በመቶ ጥቁር ሽፋን ለነጭ ፊደል የሚሰጠው ንፅፅር 2.85 ብቻ ነው። 60 በመቶ ሲሆን 5.74 ይደርሳል።

ቀለም ብቻውን ትርጉም እንዲሸከም ማድረግም አይገባም። በስድስተኛው ስላይድ ላይ የአደጋ ምልክቶቹ በቀይ፣ በቤት የሚታከሙት በአረንጓዴ ተጽፈው ሌላ ልዩነት ከሌላቸው ቀይና አረንጓዴን የማይለይ ወላጅ ሁለቱን እንደ አንድ ዝርዝር ያነባቸዋል። “ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ” እና “ቤት ውስጥ ቀጥሉ” የሚሉ ርእሶች በላያቸው ሲጨመሩ ቀለሙ ረዳት ይሆናል፤ ቃሉም በተለዋጭ ጽሑፉ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ሥራው ሲያልቅ መፈተሽ ይቻላል። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ TalkBack በቅንብሮች ውስጥ በ Accessibility ሥር ይከፈታል። ሲበራ በአንድ ጣት ወደ ቀኝ መግፋት ወደሚቀጥለው ዕቃ ይወስዳል፤ በሁለት ጣት ወደ ጎን መግፋት ደግሞ ስላይዱን ይቀይራል። የአማርኛ ድምፅ ያለው ስልክ ካልተገኘ ሁለተኛ ሰው ተለዋጭ ጽሑፎቹን በተራ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ካሩሰሉን አይቶ የማያውቅ አድማጭም በመጨረሻ ስንት ፓኬት፣ በስንት ሊትር ውሃ፣ ለስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይጠየቅ። ንፅፅሩን ለመፈተን የስልኩን ብርሃን ዝቅ አድርጎ ስላይዱን በክንድ ርቀት ማየት፣ ቀጥሎም በጥቁርና ነጭ ቀይሮ ማየት ብዙውን ስሕተት ያጋልጣል። አድማጩ ሦስቱን ጥያቄዎች ከመለሰና በጥቁርና ነጭ የማይነበብ ቃል ካልተገኘ ካሩሰሉ ለመለጠፍ ዝግጁ ነው፤ ከዚያ በፊት የተለጠፈ ግን ለሚያዩት ብቻ የተላከ መልእክት ነው።